ሲኒውን ገልብጡት፦ የድሮ ዕቃን ዘመንና አገር ከሥሩ ምልክት ማንበብ

ጅማ ውስጥ የድሮ ዕቃ ሁሉ የአባ ጅፋር ነው። ሲኒው የአባ ጅፋር፣ ትሪው የአባ ጅፋር፣ ማንኪያው ሳይቀር ከጅሬን ቤተ መንግሥት የወጣ ነው። አሮጌ ዕቃ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰውም፣ ሳጥን ከፍታ የአያቷን ዕቃ የምታሳይ እናትም ይህንኑ ይላሉ። ሆን ብለው ሊያታልሉ አይደለም። ሲባል የሰሙትን ነው የሚደግሙት። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን የገዙት ከ1878 እስከ 1932 ነው፤ በዚያ ዘመን የሂርማታ ገበያ ከሩቅ የሚመጣ ነጋዴ የሚገናኝበት እንደነበረም እውነት ነው። ግን የትኛው ሲኒ ያኔ ገባ፣ የትኛው ከዚያ በኋላ መጣ የሚለውን የሚመልሰው አብዛኛውን ጊዜ ወሬው ሳይሆን የዕቃው ቂጥ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ከላይ የጠቀስኳቸውም ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ዕቃዎቹ ላይ ያለውም እንደዚያው ስለሆነ እየለዋወጡ ከመደናገር ይሻላል።

ሥራው የሚቆመው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው። ምልክቱ «ይህ ዕቃ በዚህ ዓመት ተሠራ» ብሎ የሚናገርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ «ከዚህ ዓመት በፊት ልሆን አልችልም» የሚለውን ነው። ያ የታችኛው ወሰን ነው። ከዚያ ሌላ ፍንጭ ፈልጋችሁ «ከዚህ በኋላም አይደለሁም» የሚለውን ትይዛላችሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ የዕቃው ዘመን ነው። አሥር ዓመት ከሆነ እሰየው። አርባ ዓመት ከሆነም አርባ ዓመት ብላችሁ ጻፉ እንጂ አታጥብቡት።

1. መጀመሪያ እንዲታይ አድርጉት

ሲኒና ማስቀመጫው በለብ ያለ ውሃና በትንሽ ሳሙና ይታጠብ፤ በለስላሳ ጨርቅ ይድረቅ። የሽቦ መፈግፈጊያ፣ አሸዋና አመድ አይነካቸው። የነሐስ ትሪ በአመድና በሎሚ የማሸት ልማዳችን ትሪውን ያብለጨልጨዋል፤ ነገር ግን ስሱን ማኅተም በየበዓሉ ትንሽ ትንሽ እየላገ ይወስደዋል። ብዙ ትሪ ምልክት የሌለው ሳይሆን ምልክቱ የታሸ ነው።

ቀጥሎ ብርሃን። ዕቃውን ከላይ በሚወርድ መብራት ካያችሁት የተቀጠቀጠ ምልክት ይጠፋባችኋል። ክፍሉን ጨለም አድርጉና የስልካችሁን ባትሪ ከጎን፣ ከዕቃው ወለል ጋር ተጋድሞ ሊነካው ትንሽ ሲቀረው ያዙት። ጥልቁ ጥላ ይይዛል፣ ፊደሉ ብቅ ይላል። በሌላ ስልክ ፎቶ አንሡና ፎቶውን አጉሉት። በዓይን ያልታየ ቁጥር በፎቶ ላይ ይታያል። ባትሪውን በአራቱም አቅጣጫ እያዞራችሁ አንሡ፤ አንዱ መስመር ከምሥራቅ ሲበራ ይታያል፣ ሌላው ከሰሜን።

ብር ላይ ደግሞ እፍ በሉበት። ትንፋሹ ሲያርፍበት ለቅጽበት ይደበዝዛል፤ ያኔ ያረጀ ማኅተም ጠርዝ ይለያል። በዚያው አጋጣሚ ሌላም ነገር ታያላችሁ። ከሌላ ዕቃ ተቆርጦ የተበየደ ማኅተም ከሆነ የብየዳው ክብ መስመር በትንፋሹ ውስጥ ይወጣል። ጥልቅ ለሆነ ምልክት ስስ ወረቀት አስደግፎ በእርሳስ ቀስ ብሎ ማጥቆርም ጥሩ ነው። ቅጂው እጃችሁ ላይ ይቀራል።

2. የሲኒውን ጽሑፍ ከአገር ስም ጀምሩ

ብዙ ሰው ሲኒ ሲገለብጥ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ዘውዱ፣ ወደ አንበሳው፣ ወደ አበባው ነው። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ሥዕሉን ተዉት፤ ከታች በደቃቁ የተጻፈውን የአገር ስም ፈልጉ። ዘውድና አንበሳ ማንም ፋብሪካ ይሥላል። የአገር ስም ግን በሕግና በጦርነት ይለወጣል፤ የተለወጠበት ቀንም ይታወቃል።

መነሻው የአሜሪካ ሕግ ነው። በ1890 የወጣ የቀረጥ ሕግ ወደ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም በእንግሊዝኛ እንዲጻፍበት አዘዘ፤ በ1891 ሥራ ላይ ዋለ። ፋብሪካዎች ለእያንዳንዱ ገበያ የተለየ ማኅተም ከማዘጋጀት ይልቅ ብዙ ጊዜ ለሁሉም አንዱን ተጠቀሙ። ስለዚህ እኛ ዘንድ በመጣ ሲኒ ላይም የእንግሊዝኛ አገር ስም ካለ ከ1891 ወዲህ መሆኑን መገመት ትክክል ነው። ተገላቢጦሹ ግን አይሠራም። ስም የሌለው ሁሉ ከ1891 በፊት ነው ማለት አይደለም። ለአሜሪካ ያልታሰበ ዕቃ ስም ሳይጻፍበት ሊወጣ ይችል ነበር፤ ከስድስት ሲኒ አንዱ ብቻ የታተመበት ስብስብም አለ።

አሁን ወደ ስሞቹ። የጃፓን ሲኒ ላይ «ኒፖን» የሚል ካገኛችሁ ከ1891 እስከ 1921 ያለው ነው። ከ1921 ወዲህ አሜሪካ ያንን ስም አልቀበልም ስላለች «ጃፓን» ወይም «ሜድ ኢን ጃፓን» ተባለ። ከሁሉም የምወደው «ሜድ ኢን ኦኩፓይድ ጃፓን» የሚለውን ነው፤ በወረራ ሥር ያለች ጃፓን ማለት ነው። ጃፓን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካኖች የተያዘችው ከ1945 እስከ ሚያዝያ 1952 ነው። ይህ ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ከዚያ ጠባብ ጊዜ አይወጣም። አዲስ ተሠርቶ በላዩ የታተመበት አስመሳይ ግን አለ። እሱን እንዴት እንደሚለዩት ወደታች እመጣበታለሁ።

«ቼኮስሎቫኪያ» የሚለው ጅማ ሳጥን ውስጥ ቢገኝ አይግረማችሁ። አገሪቱ የተመሠረተችው በ1918 ነው፤ በ1992 መጨረሻ ለሁለት ተከፈለች። ከ1939 እስከ 1945 በጀርመን እጅ ስለነበረች በመካከሉ ክፍተት አለ። ከ1918 በፊት እዚያው አካባቢ የተሠራው ሲኒ «ኦስትሪያ» ይል ነበር። ስለዚህ «ኦስትሪያ» የሚል የዚያው አካባቢ፣ የቦሄሚያ ሲኒ ከ«ቼኮስሎቫኪያ» ሲኒ ይበልጣል፤ በዕድሜ ማለቴ ነው፣ በዋጋ አላልኩም።

ጀርመን ሁለት በነበረችበት ጊዜ፣ ከ1949 እስከ 1990፣ የምዕራቡ «ዌስት ጀርመኒ» ወይም «ዌስተርን ጀርመኒ»፣ የምሥራቁ ደግሞ «ጂ ዲ አር» ይላል። የምሥራቁ ሲኒ እኛ አገር ለምን እንደተገኘ ለሚገርመው፦ በ1970ዎቹ መጨረሻ የቡና ዋጋ ሲንር ምሥራቅ ጀርመን ከደርግ መንግሥት ጋር የዕቃ ልውውጥ ስምምነት አድርጋ የኢትዮጵያን ቡና ወስዳለች። ሲኒው በዚያ ስምምነት መጣ ማለቴ አይደለም። ግን የሁለቱ አገሮች ንግድ የሞቀበት ጊዜ ያኔ ነው። ሶቪየት ኅብረት ከ1922 እስከ 1991፣ ብሎ መጨመር ይቻላል። ዩጎዝላቪያም እንዲሁ የሞተ ስም ነው።

«ሜድ ኢን ቻይና» ብቻውን ብዙ አይረዳም። ከሱ ጎን «ለማይክሮዌቭ ይሆናል» ወይም «በዕቃ ማጠቢያ ማሽን ይታጠባል» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካለ ግን ነገሩ አለቀ። አባ ጅፋርን ትታችሁ ወደ ቅርቡ ኑ።

3. በሲኒ ላይ የሚያታልሉ ሦስት ነገሮች

የመጀመሪያው በማኅተሙ ውስጥ የተጻፈ ዓመት ነው። «1748» የሚል የጀርመን ሳህን ይዞ «ከቴዎድሮስ በፊት የተሠራ» የሚል ሻጭ አይጠፋም። 1748 ቪለሮይ ኡንድ ቦኽ የተባለው ፋብሪካ መነሻዬ የሚለው ዓመት ነው፤ ሳህኑ የዛሬ አሥር ዓመት የተሠራ ቢሆንም ያንኑ ይዞ ይወጣል። በማኅተም ውስጥ ያለ ዓመት እስካልተረጋገጠ ድረስ የፋብሪካው የልደት ዓመት ነው ብላችሁ ያዙት።

ሁለተኛው የቻይና ፊደል ነው። በሁለት ረድፍ የተጻፉ ስድስት ፊደላት ብዙ ጊዜ የአንድ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ስም ናቸው። ቻይናውያን ሸክላ ሠሪዎች ግን የቀድሞውን ዘመን ለማክበር የድሮ ንጉሥ ስም በአዲስ ሥራ ላይ መጻፍ የቆየ ልማዳቸው ነው። የካንግሺ ስም ያለበት ሲኒ ከካንግሺ ሁለት መቶ ዓመት በኋላ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ፊደሉን ብቻ አይቶ ዘመን መስጠት አይቻልም።

ሦስተኛው በኋላ የተጨመረ ማኅተም ነው። የታመነው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ከመስታወታማው ሽፋን ሥር ነው። ጥፍራችሁን ብትስቡበት ምንም አይሰማም፤ ወለሉ እንደ ሌላው ልስልስ ነው። ከሽፋኑ በላይ የታተመ ግን ለጥፍር ትንሽ ከፍ ይላል፤ በጎን ብርሃንም ሲያዩት ከዙሪያው የተለየ ያንጸባርቃል። ከላይ መታተም ብቻውን የማስመሰል ማስረጃ አይደለም። ብዙ ሐቀኛ ፋብሪካ እንደዚያ አትሟል። ግን ሲኒው በወርቅ ጠርዙ፣ በእጀታው፣ በቂጡ ቀለበት ላይ አርጅቶ ማኅተሙ ብቻ እንደ ትናንት ካበራ ጠርጥሩ። የቂጡ ቀለበት ማለቴ ሲኒው የሚቆምበት፣ ብዙ ጊዜ ሽፋን የሌለው ሻካራ ጠርዝ ነው። እውነተኛ ዕድሜ እዚያ ላይ ባልተስተካከለ መንገድ ይጠራቀማል። አንዱ ጎን የተላገ፣ ሌላው ጎን ያልተነካ ይሆናል። ዙሪያውን እኩል የጠቆረ ከሆነ ግን ሻይ ውስጥ ተነክሮ ሊሆን ይችላል።

የእኛው ሸክላ፣ ጀበናውና ምጣዱ፣ በዚህ መንገድ አይነበብም። በባህላችን ሸክላ ሠሪ ስሟን ከሥሩ አትጽፍም። የጀበና ቂጥ ጥላሸት እንጂ ማኅተም የለውም፤ ጥላሸት ደግሞ በአንድ ክረምትም ይከማቻል።

4. ብር ላይ፦ መጀመሪያ ብር ነው ወይ?

ማንኪያ ወይም የስኳር ዕቃ ሲሆን የመጀመሪያው ጥያቄ ዘመኑ ሳይሆን ማቴሪያሉ ነው። ቁጥር ፈልጉ። «800» ማለት ከሺህ እጅ ስምንት መቶው ብር ነው፤ «925» እንዲሁ። ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ጥሩ ምልክት ነው። «90» ወይም «100» ግን ብር አይደለም። ይህ በአህጉሩ አውሮፓ ማንኪያ ላይ የሚገኝ የቅብ ቁጥር ነው፤ ደርዘን ማንኪያና ደርዘን ሹካ ለመቀባት የዋለውን ብር በግራም የሚናገር። «90» አይቶ «ዘጠና ከመቶ ብር» ብሎ የገዛ ሰው ብዙ ነው። «አልፓካ» የሚልም ብር የለበትም፤ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው።

የእንግሊዞቹ ማታለያ ደግሞ የበለጠ ረቂቅ ነው። «ኢ ፒ ኤን ኤስ» የሚሉ አራት ፊደሎች በብር የተቀባ የኒኬል ቅይጥ ማለት ናቸው። ፋብሪካዎቹ ግን አራቱን ፊደል እያንዳንዱን በራሱ ትንሽ ጋሻ ውስጥ አስገብተው ይመቱታል። ከሩቅ ሲያዩት ልክ እንደ እውነተኛ የብር ማኅተም ረድፍ ነው። በእውነተኛው የእንግሊዝ ብር ላይ መኖር ያለበት የሚራመድ አንበሳ ነው። ከሱ ጎን የከተማው ምልክት ይኖራል፦ የነብር ራስ ለለንደን፣ መልሕቅ ለበርሚንግሃም። የንጉሥ ወይም የንግሥት ራስ ከተጨመረበት ከ1784 እስከ 1890 ባለው ጊዜ ግብር ተከፍሎበታል። የዓመቱ ፊደል ደግሞ በየጥቂት አሥርት ዓመታት ስለሚደገም ፊደሉን ብቻ ሳይሆን የጋሻውን ቅርጽም አብራችሁ ቅዱ። ያለ ቅርጹ ፊደሉ ዋጋ የለውም።

ቅብ መሆኑን ቁጥር ባይኖርም መለየት ይቻላል። የማንኪያውን የሥር ጉብታ፣ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚነካውን ቦታ እዩት። እዚያ ቅቡ ቀድሞ ያልቃል፤ ቢጫ ወይም ግራጫ ይወጣል። ሙሉ ብር ቢላገም ከሥሩ ብር ነው።

5. የጣሊያን ማኅተም፣ ለጅማ ሰው ዋናው

ከብር ሁሉ እኛ ዘንድ መታወቅ ያለበት ይኸኛው ነው። ጣሊያን ጅማን እስከ ሰኔ 1941 ይዞ የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ አድርጓት ነበር። ፈረንጅ አራዳ የሚባለውን ሰፈር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ጊዜ የቀረ ማንኪያ፣ የሲጋራ ሳጥን፣ የስኳር መቆንጠጫ አለ።

የጣሊያን ብር ከ1935 በፊት ማኅተም ማስመታት ግዴታ አልነበረበትም። በ1934 በወጣ ሕግ ግን ሁለት ነገር አስገዳጅ ሆነ። አንዱ የንጥርነቱ ቁጥር ነው፤ ብዙ ጊዜ «800» ሆኖ በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ይመታል። ሌላው የሠሪው ምልክት ነው፤ በካርታ ዳይመንድ ዓይነት ቅርጽ ውስጥ ይቀመጣል። በውስጡ የሠሪው የምዝገባ ቁጥርና የአውራጃው ሁለት ፊደል አሉ፦ «ኤም አይ» ሚላኖ፣ «ኤፍ አይ» ፊሬንዜ፣ «ኤ ኤል» አሌሳንድሪያ።

ዘመኑን የሚለየው ግን ቁጥሩ አይደለም። በዳይመንዱ ውስጥ አንድ ትንሽ ሥዕል ፈልጉ፦ በገመድ የታሰረ የበትር ክምር፣ ከጎኑ የመጥረቢያ ምላጭ የወጣበት። ይህ የፋሺስቶቹ አርማ ነው። ሥርዓቱ ሲወድቅ በ1944 ከማኅተሙ ወጣ። ስለዚህ አርማው ካለ ከ1935 እስከ 1944፤ ዳይመንዱ ኖሮ አርማው ከሌለ ከ1944 ወዲህ ነው። በ1968 በወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ቅርጹ ረዘመ፤ ከቁጥሩ በፊት ኮከብ ተጨመረ። ኮከብ ያለበት ማንኪያ «ጣሊያን ሲወጣ ትቶት የሄደ» ሊሆን አይችልም።

ችግሩ መጠኑ ነው። ዳይመንዱ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። አርማው የለም ከማለታችሁ በፊት በማጉያ መነጽር እዩት። ሌሎቹ ፊደሎች ጥርት ብለው አርማው የሚቀመጥበት ቦታ ባዶ ከሆነ በእርግጥ የለም። ሁሉም እኩል ከደበዘዙ ግን ታሽቶ ሊሆን ስለሚችል «አይታወቅም» ብላችሁ እለፉ። የተመታ ማኅተም ጠርዙ ስለታም ነው። በዕቃው ቅርጽ አብሮ የቀለጠ አስመሳይ ግን ዙሪያው ይድበሰበሳል፤ በማጉያ ሲያዩት ትናንሽ የአየር ቀዳዳዎች ይታያሉ።

6. 1780 ላይ አትቁሙ

የአገራችን የብር ጌጥ፣ አምባሩና መስቀሉ፣ በድሮው አሠራር ማኅተም የለውም። አንዳንዱ ላይ ግን ማርትሬዛ ተንጠልጥላ ዓመት ታሳያለች፦ 1780። ይህ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ብሩ ከዚያ በኋላ በተለያየ አገር ሲመታ ዓመቱ ሳይለወጥ ቀጠለ፤ ጣሊያንም በ1935 ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ ሮም ውስጥ ያንኑ 1780 መምታት ጀመረ። ስለዚህ 1780 የአንገት ጌጡን ዘመን አይነግርም። የምኒልክ ብር የተንጠለጠለበት ከሆነ ግን የታችኛ ወሰን አገኛችሁ። እሱ ላይ ያለው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ ሰባት ወይም ስምንት ጨምሩበት።

7. ነሐስ፣ ዝምተኛው

ነሐስ ላይ ብዙ አትጠብቁ። ብዙው የነሐስ ትሪ ምንም አይልም። «ሜድ ኢን ኢንዲያ» የሚል ከተገኘ አገሩን አገኛችሁ፤ ዘመኑ ግን ሰፊ ነው። ማኅተም ሲጠፋ እጀታው የተያያዘበትን እዩ። በመስቀል ራስ ካቻቢቴ የሚፈታ ብሎን ገበያ ላይ የወጣው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። እንዲህ ያለ ብሎን ያለበት እጀታ ከዚያ በፊት አልታሰረም። እጀታው ግን በኋላ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከብሎኑ ሥር ሌላ የቆየ ቀዳዳ መኖሩን አረጋግጡ።

አንድ ነሐስ ግን ይናገራል፤ የሚዛን ድንጋይ። በእንግሊዝ ሥርዓት የተመረመረ የነሐስ ሚዛን ድንጋይ ዘውድና የንጉሡ ሁለት ፊደል ይመታበታል። «ቪ አር» ከሆነ የንግሥት ቪክቶሪያ ነው፣ ከ1901 አያልፍም። «ኢ አር» እና «ጂ አር» ከዚያ ይከተላሉ። በአንድ ድንጋይ ላይ ብዙ ማኅተም ካለ ድንጋዩ ደጋግሞ ስለተመረመረ ነው፤ ለዕድሜው የምትይዙት የመጀመሪያውን፣ የደበዘዘውን ነው።

8. አንድ ሳጥን እስከ መጨረሻው

ጎረቤታችን እትዬ ከአማታቸው የወረሱት ሳጥን አላቸው። ስድስት ሲኒ ከነማስቀመጫው፣ ስድስት ትንንሽ ማንኪያ፣ አንድ የነሐስ ትሪ። «ይሄ እኮ የአባ ጅፋር ነው፤ አማቴ በእጇ ነው የሰጠችኝ» ይላሉ። በቅደም ተከተሉ ሄድንበት።

ሲኒዎቹ ሥር አንድ ዘውድ አለ፤ ከሥሩ «ዜልብ ባቫሪያ»። ዜልብ በሰሜን ምሥራቅ ባቫሪያ፣ ቼክ ድንበር አጠገብ ያለች ከተማ ስትሆን ዙሪያዋ በፖርሴሊን ፋብሪካ የታወቀ ነው። ቦታው ተገኘ። ባቫሪያ የድሮ ስም ስለሆነ ግን ዘመን አይሰጥም። ሦስተኛውን መስመር ያወጣው የጎን ብርሃን ነው፤ በደቃቁ «ዌስተርን ጀርመኒ»። ከ1949 እስከ 1990 ማለት ነው። ጥፍር ሲሳብበት ልስልስ ነው፤ ከሽፋኑ ሥር ነው። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ጽሑፍ የለውም፤ ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ግማሽ ያደላል። «ያደላል» ነው ያልኩት፤ በሌለ ጽሑፍ ወሰን አይዘጋም።

ማስቀመጫዎቹን ለየብቻ ገለበጥናቸው። ይህን ሁልጊዜ አድርጉት፤ ሲኒ ሲሰበር ማስቀመጫው ለሌላ ሲኒ ይሰጣል። አምስቱ እንደ ሲኒዎቹ ናቸው። ስድስተኛው «ቼኮስሎቫኪያ» ይላል፤ አበባውም ሲጠጉት ይለያል። ለማሟያ የመጣ ነው።

ማንኪያዎቹ ሁሉ እንቁላል ቅርጽ ውስጥ «800» አላቸው። በማጉያ ሲታይ በአራቱ ላይ በዳይመንዱ ውስጥ መጥረቢያ ያለበት አርማና «ኤም አይ» አሉ፦ ሚላኖ፣ ከ1935 እስከ 1944። የቀሩት ሁለቱ ቁጥሩም ፊደሉም ያው ነው፤ አርማው የነበረበት ቦታ ግን ባዶ ነው። ፊደሎቹ ጥርት ያሉ ስለሆኑ መታሸት አይደለም። ያው ሠሪ ከ1944 በኋላ የሠራቸው ናቸው። ስለዚህ ስድስቱ ማንኪያ በአንድ ቀን የተገዛ ስብስብ አይደለም፤ ወይም የተገዛው ከጦርነቱ በኋላ፣ አሮጌና አዲስ ክምችት ተደባልቆ ነው።

ትሪው ምንም ማኅተም የለውም። እጀታው በምስማር ተመትቶ የታሰረ እንጂ ብሎን የለውም። በጀርባው የመዶሻ ምት በእጅ ይሰማል።

«ታዲያ አማቴ ዋሸችኝ?» አሉ እትዬ። ሲኒውም ማንኪያውም ከ1932 በኋላ ስለሆኑ ከሁለቱ አንዳቸውም ለአባ ጅፋር አይደርሱም። ትሪውን ግን ከታሪኩ የሚያስወጣ ነገር አላገኘንም። ያስገባዋል ማለትም አይደለም። አማትየው የትሪውን ታሪክ ተናግረው ልጆቹ ለሳጥኑ ሁሉ አድርገውት ከሆነ የሚገርም አይሆንም።

9. ያገኛችሁትን እንዴት ትጽፋላችሁ

ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቁራጭ ወረቀት። በመጀመሪያው መስመር ምልክቱን እንዳያችሁት ቅዱ፤ የማይነበበውን ፊደል በግምት አትሙሉ፣ ነጥብ አድርጉበት። በሁለተኛው አገሩንና ሁለቱን ወሰን ዓመታት ጻፉ። በሦስተኛው ቤተሰቡ የሚለውን ከማን እንደሰማችሁት ጨምሩ፤ ከምልክቱ ጋር ባይስማማም አትሰርዙት። ለእትዬ ማንኪያዎች የጻፍነው እንዲህ ነው፦ «800፣ ዳይመንድ ከአርማ ጋር፣ ኤም አይ። ሚላኖ፣ ከ1935 እስከ 1944፣ አራት ማንኪያ። ሁለቱ ያለ አርማ፣ ከ1944 ወዲህ። የዕቃው ባለቤት ከአማታቸው እንደወረሱት ይናገራሉ።»

ፎቶውን ከወረቀቱ ጋር ያዙ። ወረቀቱ ከዕቃው ጋር ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ በእስክሪብቶ ሲኒው ላይ አትጻፉ፣ ፕላስተርም አትለጥፉበት። የፕላስተሩ ማጣበቂያ ሲነሣ የወርቁን ቅብ ይዞት ይሄዳል።